«ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ» አይበቃም፦ የቀሚስን ቅርጽ በስሙና በልኩ የመግለጫ ዝርዝር መመሪያ

በስፌት ቤቴ ከሚደርሱኝ የቀሚስ ትእዛዞች ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይደጋገም የሚውልበት ቀን የለም፦ «ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ ይሁንልኝ»። ይህ ገለጻ ለኤ-ላይንም፣ ለኤምፓየርም፣ ለፊት ኤንድ ፍሌርም እኩል ይሠራል። ባለፈው ዓመት ከቨርጂኒያ የጻፈችልኝ ደንበኛ ከወገብ ጀምሮ የሚሰፋ ኤ-ላይን ፈልጋ ነበር። እኔ ደግሞ ከጡት ሥር የሚለቀቅ ኤምፓየር ሰፍቼ ላክሁላት። በሠርጉ ላይ ጓደኞቿ «ገንፎው ለመቼ ነው?» ብለው ጠየቋት። ቀሚሱ ተመልሶ አልመጣም፤ ደንበኛዋም አልተመለሰችም።

ስሙን ማወቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። «ኤ-ላይን» ብለው ጽፈው ሌላ ነገር የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ይለካሉ፣ ቀጥሎ ይሰይማሉ፣ በመጨረሻም ስሙንና ልኩን አንድ ላይ ይጽፋሉ። ለልብስ ሰፊ ትእዛዝ ለሚልክም፣ በኢንተርኔት ቀሚስ ለሚሸጥም ቅደም ተከተሉ አንድ ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ሰፊ ጠረጴዛ ወይም ንጹሕ ወለል፣ ማንጠልጠያ፣ ጥቂት መርፌ ቁልፎች፣ ወረቀትና እርሳስ። ቀሚሱ ከተጨማደደ ይተኩሱት። የተጨማደደ ጠርዝ ሲለካ ከእውነተኛው ልክ ያንሳል፤ ይህም ኤ-ላይኑን ወደ ቀጥ ያለ ቀሚስ ሊያስጠጋው ይችላል።

ዚፑን እስከ ላይ ይዝጉ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ይቆልፉ፣ ቀበቶ ካለው ያውጡት። ቀበቶ ቅርጽ አይደለም። ልቅ የሆነን ቀሚስ በቀበቶ አስሮ «ወገቡ ላይ የሚይዝ» ብሎ መጻፍ ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ ነው።

ቀሚሱን ሳይስቡ በእጅ መዳፍ ያስተካክሉት። የሚለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ለ10 ደቂቃ ያህል ተዘርግቶ እንዲያርፍ ይተዉት፤ ተጎትቶ የተለካ የሚለጠጥ ጨርቅ የሚሰጠው ቁጥር አይታመንም።

## ደረጃ 1፦ ጥላውን ይመልከቱ

ቀሚሱን በማንጠልጠያ ሰቅለው ብርሃን ከሚገባበት መስኮት ፊት ያንጠልጥሉት። በእርስዎና በቀሚሱ መካከል ነጭ አንሶላ ይዘርጉ። ቀለሙ፣ ጥልፉ፣ ጥበቡ፣ ዳንቴሉ ሁሉ ይጠፋል። የሚቀረው ጥላው ብቻ ነው፤ ልንገልጸው የምንፈልገውም እሱን ነው።

የጥላውን የቀኝ ጎን መስመር ብቻ በወረቀት ላይ ይሳሉ። ሥዕል መቻል አያስፈልግም። መስመሩ የት ወደ ውስጥ እንደገባ፣ የት ወደ ውጭ እንደወጣና የት አቅጣጫ እንደቀየረ ቢያሳይ በቂ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሥራውን ከፎቶ ላይ የሚጀምሩ ከሆነ ፎቶው ከምን ከፍታ እንደተነሣ ይጠይቁ። ስልኩ ወደ መሬት ቀርቦ ወደ ላይ ሲያነሣ የታች ጠርዙ ከእውነቱ በላይ ሰፍቶ ይታያል፤ ከራስ በላይ ሆኖ ሲያነሣ ደግሞ ይጠባል። ስልኩ በወገብ ከፍታ፣ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ያነሣው ፎቶ ይሻላል። አንድ እግሯን ወደ ጎን አውጥታ ወይም የቀሚሱን ጫፍ ይዛ ዘርግታ የቆመች ሞዴል ፎቶ ለዚህ ሥራ ዋጋ የለውም።

## ደረጃ 2፦ የሚለቀቅበትን ቦታ ይፈልጉ

አብዛኛው ቀሚስ ሰውነትን መያዝ የሚያቆምበት አንድ ቦታ አለው። እኔ «የመልቀቂያ ነጥብ» እለዋለሁ። ኤ-ላይንን፣ ኤምፓየርን፣ ፊት ኤንድ ፍሌርንና ሰውነትን ተከትሎ የሚወርደውን ሺዝን፣ አራቱን ስሞች በዋናነት የሚለያቸው ይህ ነጥብ ነው፦ ከጡት ሥር፣ ከወገብ፣ ከዳሌ በታች፣ ወይም ጨርሶ የሌለ።

ሜትሩን አንገት ከትከሻ ከሚገናኝበት ነጥብ ላይ ያስይዙና በጡት ጫፍ በኩል ወደ ታች ያውርዱት። ሦስት ርቀቶችን ይመዝግቡ፦ እስከ ጡት ሥር፣ እስከ ወገብ፣ እስከ ታች ጠርዝ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62 አካባቢ በሆነች ደንበኛዬ ላይ የመጀመሪያው 34፣ ሁለተኛው 42 ሴንቲ ሜትር ነበር። በመካከላቸው ያለው 8 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ቨርጂኒያ የሄደችውን ቀሚሴን ያበላሸው እሱ ነው።

በቀሚሱ ላይ አግድም የሚሄድ ስፌት ካለ፣ ስፌቱ ከሦስቱ ነጥቦች ለየትኛው እንደሚቀርብ ይጻፉ። ከሌለ ዝም ብለው «አግድም ስፌት የለውም» ይበሉ። ይህም ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ከተሳሳተ፦ ስፌቱ ከጡት ሥርም ከወገብም እኩል ርቆ መሐል ላይ ቢሆንስ? በግድ አይሰይሙት። ከፍ ያለ ወገብ ያለው ቀሚስ እንጂ ኤምፓየር አይደለም። «ስፌቱ ከወገብ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል» ብለው ይጻፉ፤ ሰፊው ይረዳል።

## ደረጃ 3፦ ሦስት ስፋት፣ ሁለት ስሌት

ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከጎን እስከ ጎን ሦስት ቦታ ይለኩ፦

1. ወገቡ ላይ፣ እጅግ በጠበበበት ቦታ።
2. ከወገብ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ዳሌ በሚያርፍበት።
3. የታች ጠርዙ ላይ።

ይህ የዝርግ ልክ ነው፤ ዙሪያውን ለማግኘት በ2 ያባዛሉ። አሁን ግን አያባዙት። በዝርግ ልኩ፣ ቀሚሱ በየ10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ምን ያህል እንደሚሰፋ ሁለት ጊዜ ያስሉ፦ አንዴ ከወገብ እስከ ዳሌ፣ አንዴ ከዳሌ እስከ ጠርዝ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የላይኛውን ስፋት ከታችኛው ቀንሰው ለቁመቱ ያካፍሉና በ10 ያባዛሉ።

ሁለት ጊዜ የምናሰላው በምክንያት ነው። ከወገብ እስከ ዳሌ ያለው መስፋት የሰውነት ጉዳይ ነው፤ ዳሌ ስላለ ወገብን የሚይዝ ማንኛውም ቀሚስ እዚያ ይሰፋል። ከዳሌ በታች ያለው መስፋት ግን የቆራጩ ውሳኔ ነው። ጥብቅ የሆነ ሺዝ እንኳ በመጀመሪያው ስሌት 5 ተኩል ሊመጣ ይችላል፤ ይህም የኤ-ላይን ቁጥር ነው። ያንን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል።

በስፌት ቤቴ የምጠቀምባቸው ወሰኖች እነዚህ ናቸው። ሕግ አይደሉም፤ ሌላ ሰፊ ትንሽ ሊያዛንፋቸው ይችላል።

- ከዳሌ በታች በየ10 ሴንቲ ሜትር ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች የሚሰፋ፣ ወይም የሚጠብ፦ ወደ ሺዝ ያመራል።
- ከ4 እስከ 8 የሚሰፋ፣ የላይና የታች ስሌቱም የተቀራረበ፦ ወደ ኤ-ላይን ያመራል።
- ከ10 በላይ የሚሰፋ፦ ወደ ፊት ኤንድ ፍሌር ያመራል።

8 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። የክብ ሩብ ሆኖ የተቆረጠ ጉርድ በዝርግ ልኩ በየ10 ሴንቲ ሜትር ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የክብ ግማሽ ሆኖ የተቆረጠ ደግሞ ወደ 16 ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ እንዴት እንደምንለይ ምሳሌው ላይ እንመለስበታለን።

ማስጠንቀቂያ፦ በጣም ነስነስ ያለ ጉርድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ አይዘረጋም፤ አንዱ ጎን ሲተኛ ሌላው ይነሣል። እንዲህ ሲሆን ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ በአራት ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል በጠርዙ ኩርባ ላይ ሜትሩን እያስኬዱ ይለኩ። አራቱን ደምረው ለ2 ያካፍሉ። ከጥግ እስከ ጥግ በቀጥታ ከለኩ ኩርባውን ስለሚዘሉት ቁጥሩ ያንሳል።

ሽንሽን ከሆነ፦ ጨርቁ ወገብ ላይ ተሰብስቦ የተሰፋ ከሆነ ስሌቱ ያታልላል። ሽንሽኑ ወዲያው ከስፌቱ ሥር ይሰፋና ከዚያ በኋላ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ስሌት ዜሮ ይመጣል። ሺዝ ነው እንዳይሉ! ወገቡ ላይ ሽብሽብ ካዩ «ላዩ የሚይዝ፣ ጉርዱ ሽንሽን» ብለው ይጻፉና ከአራቱ ስሞች ጋር አያጋጩት።

## ደረጃ 4፦ ስሙን ይምረጡ

### ኤ-ላይን

መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ከወገብ ተነሥቶ እስከ ጠርዝ ያለ ስብራት፣ ያለ ሽብሽብ፣ በአንድ ዐይነት ዘንበልታ ይወርዳል። ወገቡ 36፣ ዳሌው 48፣ ከወገብ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ጠርዝ 70 የሆነ ቀሚስ እንውሰድ። ከወገብ እስከ ዳሌ በየ10 ሴንቲ ሜትር 6፣ ከዳሌ እስከ ጠርዝ ደግሞ 5 ተኩል ይሰፋል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው፤ ኤ-ላይንን ኤ-ላይን የሚያሰኘው ይህ መቀራረብ እንጂ የጠርዙ ስፋት አይደለም።

ኤ-ላይን ሲሰቀል ጠርዙ ላይ ብዙ ማዕበል አይታይበትም። አንድ ወይም ሁለት ለስላሳ እጥፋት ቢኖር ነው። ከትከሻ ጀምሮ ወገብን ሳይነካ የሚሰፋ ቀሚስም በአንዳንዶች ኤ-ላይን ይባላል፤ የተለየ ስሙ ግን ትራፔዝ ነው። ስለዚህ «ኤ-ላይን» ብቻ ብለው አይተዉት። «ከወገብ የሚጀምር» የሚለውን ይጨምሩበት።

### ኤምፓየር

ኤምፓየር የሚነግርዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስፌቱ ከጡት ሥር መሆኑን። ከዚያ በታች ጉርዱ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ቀጥ ብሎ ሊወርድ፣ ቀስ ብሎ ሊሰፋ፣ ወይም ሊሸበሸብ ይችላል። ትእዛዙ ላይ «ኤምፓየር» ብሎ ማቆም ቤት ሲያሠሩ «ጣሪያው ከፍ ይበል» ብሎ እንደ መሄድ ነው።

ልኩን የሚያሳየው የላይና የታች ክፍፍል ነው። እስከ መሬት የሚደርስ፣ ከትከሻ 140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀሚስ ስፌቱ 34 ላይ ቢሆን ከታች 106 ይቀራል። የታችኛው ከላይኛው 3 እጥፍ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ያው ቀሚስ ስፌቱ ወገብ ላይ፣ 42 ላይ ቢሆን ከታች የሚቀረው 98 ነው፤ 2 እጥፍ ከጥቂት። ዐይን እግርን ረዝሞ የሚያየው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። እስከ ጉልበት በሚደርስ 98 ሴንቲ ሜትር ቀሚስ ላይ ግን የኤምፓየሩ ክፍፍል 34 ለ64 ስለሚሆን ያ የመርዘም ውጤት ይቀንሳል፤ አንዳንዴም የልጅ ቀሚስ ያስመስለዋል። ይህ የእኔ ዐይን ነው፤ አልጫንም።

የተለመደው ብልሽት ስፌቱ ጡት ሥር ከመዋል ይልቅ ጡቱ ላይ መውጣቱ ነው። ስፌቱ ከጡት ሥር ወደ ላይ ከተሳበ ወይም ሲቀመጡ ከፍ ከፍ ካለ፣ በትእዛዙ ላይ የተጻፈው ልክ ከትከሻ በቀጥታ እንጂ በጡት ጫፍ በኩል አልተለካም ማለት ነው። እንደገና ይለኩ።

### ሺዝ

ሺዝ ሰውነትን ተከትሎ ይወርዳል። ወገብ ላይ ይገባል፣ ዳሌ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወይም ትንሽ ጠብቦ ያልቃል። ብዙ ጊዜ አግድም ስፌት የለውም። ወገቡን የሚያስይዘው በፊትና በጀርባ ጨርቁ ተቆንጥጦ ከቁመቱ ጋር የተሰፋ ቀጭን ስፌት ነው። ወገብ 38፣ ዳሌ 49፣ ጠርዝ 47 የሆነ ቀሚስ ሺዝ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ ከሆነ ያለ ስንጥቅ መራመድ ይከብዳል፤ ከኋላ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስንጥቅ እንዳለው ይመልከቱና ይጻፉ።

እዚህ ላይ ነው ሺፍት የሚባለው ቀሚስ የሚያምታታው። ሺፍትም ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከትከሻ ተንጠልጥሎ ወገብን ሳይነካ ያልፋል። ስሞቹ በአማርኛ ሲጻፉ በሚለያያቸው ፊደል ከማመን መለኪያውን ያምኑ። የለባሿን የወገብ ዙሪያ ከቀሚሱ የወገብ ዙሪያ ይቀንሱ። በማይለጠጥ ጨርቅ ልዩነቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሺዝ ነው፤ ከ10 ካለፈ ሺፍት ነው። የለባሿን ልክ የማያውቁ ከሆነ የቀሚሱን ወገብ ከራሱ ደረት ጋር ያስተያዩ፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሺፍት ነው።

### ፊት ኤንድ ፍሌር

በመጀመሪያ፣ «ፊት» የሚለው መልክ አይደለም። አንዲት ደንበኛ «ፊቱ ብቻ ሳይሆን ጀርባውም ፍሌር ይሁን» ብላኛለች፤ አልፈርድባትም። እዚህ ላይ ፊት ማለት ሰውነትን የሚይዝ፣ ፍሌር ማለት የሚነሰነስ ነው።

ልዩነቱ ስብራቱ ላይ ነው። ላዩ እስከ መልቀቂያ ነጥቡ ድረስ ጥብቅ ብሎ ይይዝና ከዚያ በድንገት ይከፈታል። በጥላው መስመር ላይ ጎልቶ የሚታይ ማዕዘን ይኖራል፤ ጠርዙም በማዕበል ይወርዳል። ወገቡ 36 ሆኖ ከክብ ግማሽ የተቆረጠ፣ 55 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጉርድ በጠርዙ ዙሪያ ወደ 245 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቀደም ሲል ያየነው ኤ-ላይን 60 ሴንቲ ሜትር ወርዶም ዙሪያው 140 ብቻ ነበር።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ስም በሁለት ቦታ ሁለት ትርጉም አለው። በዘወትር ቀሚስ ገበያ ፊት ኤንድ ፍሌር ማለት ከወገብ የሚነሰነስ ነው። በሙሽራ ቀሚስ ቤቶች ግን ወገብንና ዳሌን ይዞ ከዳሌ በታች፣ ጭን አካባቢ የሚከፈት ነው። መክፈቻው ወደ ጉልበት ከወረደ ደግሞ ሜርሜድ ይሉታል። ሙሽራ ከሆኑና የዘወትሩን ትርጉም ይዘው ካዘዙ መቀመጥ የሚያስቸግር ቀሚስ ይመጣልዎታል። መፍትሔው አንድ ሐረግ ነው፦ «ከወገብ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚከፈት»። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ብለው ይጻፉ።

## ደረጃ 5፦ ገለጻውን ይጻፉ

ቅደም ተከተሉን አይለውጡ። መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ የመልቀቂያ ነጥቡ፣ ከዚያ የወገብ፣ የዳሌና የጠርዝ ዙሪያ፣ ከዚያ ከትከሻ እስከ ጠርዝ ያለው ርዝመት፣ በመጨረሻ ጨርቁ። እዚህ ላይ የዝርግ ልኩን በ2 አባዝተው ዙሪያውን ይጻፉ፤ «ዙሪያ» የሚለውን ቃልም አይርሱ። ወገብ 37 ብሎ የተጻፈን ትእዛዝ ዙሪያ ነው ብሎ የሚያስብ ሰፊ የልጅ ቀሚስ ነው የሚሰፋልዎት።

ጨርቁ ለምን ይገባል? አንድ ዐይነት ቆረጣ በሁለት ጨርቅ ሁለት ጥላ ስለሚሰጥ ነው። ዙሪያው 140 ሴንቲ ሜትር የሆነው ኤ-ላይን በጠንካራ ሳቲን ሲሰፋ ጎኖቹ ቆመው የ«ኤ» ቅርጽ ይታያል። በሺፎን ሲሰፋ ግን ጨርቁ ወደ እግር ይወድቅና ከሩቅ ቀጥ ያለ ይመስላል። በሺፎን ያንን ቅርጽ ከፈለጉ ጠርዙን ማስፋት ወይም ከውስጥ ጠንካራ ገበር ማስገባት ያስፈልጋል።

ለሐበሻ ቀሚስ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በሸማኔ እጅ ከጨርቁ ጋር የተሠራ ጥበብ ቀጥ ያለ ነው። የኤ-ላይንና የፊት ኤንድ ፍሌር ጠርዝ ግን ኩርባ ነው። ቀጥ ያለውን ጥበብ በኩርባ ላይ ለማስኬድ ሲሞከር ወይ የላይኛው ጠርዙ ይጨማደዳል፣ ወይ ጥበቡ እየተቆረጠ መገጣጠም አለበት። ጠርዙ ላይ ሙሉ የተሸመነ ጥበብ የሚፈልግ ሰው ሽንሽን ወይም ቀጥ ያለ ጉርድ ይምረጥ። ነስነስ ያለውን የሚፈልግ ደግሞ ጥበቡን ወደ ደረትና ወደ ፊት ለፊት መስመር ያውጣው፤ ወይም ኩርባን መከተል የሚችለውን ጥልፍ ይጠቀም። ሁለቱንም አንድ ላይ ያዘዘች ደንበኛ ካለች ከመቆረጡ በፊት ይንገሯት፤ ከተቆረጠ በኋላ ጥበብ አይታጠፍም።

## ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፦ አንድ አረንጓዴ ቀሚስ

በቅርቡ አንዲት ደንበኛ ከውጭ አገር የተገዛ አረንጓዴ ቀሚስ አምጥታ «ይህን ኤ-ላይን በነጭ ድገምልኝ» አለችኝ። ከትከሻ እስከ ጠርዝ 104 ሴንቲ ሜትር ነው። አግድም ስፌት አለው፤ ከትከሻ 42 ላይ፣ ማለትም ልክ ወገቧ ላይ። ኤምፓየር የመሆን ዕድሉ እዚያው አበቃ።

የዝርግ ልኩ ወገብ ላይ 37፣ ዳሌ ላይ 58፣ ከወገብ 62 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ጠርዙ ላይ 101 መጣ። ከወገብ እስከ ዳሌ በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 21 ሰፋ፤ በየ10 ሲሰላ 10 ተኩል ነው። ከዳሌ እስከ ጠርዝ በ42 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 43 ሰፋ፤ በየ10 ከ10 ትንሽ በለጠ። ሁለቱ ቁጥሮች እንደ ኤ-ላይን የተቀራረቡ ናቸው። መጠናቸው ግን ከ8 አልፏል። ከክብ ሩብ በልጦ ከግማሽ ያነሰ፣ የክብ ሢሶ ሆኖ የተቆረጠ ጉርድ ነው።

እንዲህ ያለ ድንበር ላይ የቆመ ቀሚስ ሲያጋጥም ቁጥሩን ትቼ ወደ ማንጠልጠያው እመለሳለሁ። ሰቅዬ ከጠርዙ በታች ቁጭ ብዬ እጥፋቶቹን ቆጠርሁ፦ በዙሪያው ስድስት ጎልተው የሚታዩ ማዕበሎች ነበሩ። በጥላው ላይም ወገቡ አጠገብ ማዕዘኑ በግልጽ ይታያል። ኤ-ላይን አይደለም። የጻፍሁት ገለጻ ይህ ነው፦

«ፊት ኤንድ ፍሌር፤ ልክ ወገብ ላይ ካለው ስፌት የሚከፈት፣ ከወገብ 0 ሴንቲ ሜትር። የወገብ ዙሪያ 74፣ ከወገብ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ዙሪያው 116፣ የጠርዝ ዙሪያ 202። ከትከሻ እስከ ጠርዝ 104። ጉርዱ ያለ ሽብሽብ፣ የክብ ሢሶ። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የጥጥ ጨርቅ፣ ገበር ያለው።»

ደንበኛዋ «ኤ-ላይን» ባለችው መሠረት፣ ቀደም ሲል እንዳየነው ኤ-ላይን ብሰፋላት ኖሮ የጠርዙ ዙሪያ በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጠብቦ ይወጣ ነበር። ያነበብሁላት ጊዜ ስሙን ተከራክራኛለች፤ ቁጥሮቹን ግን አልተከራከረችም።

## አሁንም ካልተግባባችሁ

ሰፊው ስሙን አያውቀውም። ስሙን ይተዉትና ከመልቀቂያ ነጥቡ ጀምረው ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ይላኩ። ከላይ ያለው ገለጻ የመጀመሪያው ቃል ቢወጣለትም ይሰፋል።

ከፎቶ በቀር ቀሚሱ በእጅዎ የለም። የሚያውቁትን አንድ ርቀት ፎቶው ላይ ይፈልጉ፤ ለምሳሌ የለባሿን ከትከሻ እስከ ወገብ። በማስመሪያ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነና እውነተኛው 42 ከሆነ፣ ፎቶው ላይ ያለ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 14 ነው። ቁመቶችን በዚህ ማስላት ይቻላል። ስፋቶችን ግን አይመኑ፤ ፎቶ ከፊት የሚያየውን እንጂ በእጥፋቱ ውስጥ የተደበቀውን ጨርቅ አያሳይም። የነስነስ ጉርድ ጠርዝ በፎቶ 60 መስሎ በእጅ ሲለካ 100 ሊሆን ይችላል።

ሁለት ስም የሚገባው ቀሚስ ነው። ሁለቱንም ይጻፉ፣ ግን ከላይ ወደ ታች። «ኤምፓየር ስፌት፣ ከዚያ በታች በኤ-ላይን የሚሰፋ» ትክክለኛ ገለጻ ነው። ስሌቱን ግን ከወገብ ሳይሆን ከጡት ሥር ካለው ስፌት ይጀምሩት። «ኤ-ላይን ሺዝ» የሚል ካጋጠመዎት ግን የጻፈው ሰው አልለካም ማለት ነው፤ የዳሌና የጠርዝ ዙሪያውን እንዲልክልዎት ይጠይቁት።

ቀሚሱ ተሰፍቶ መጥቶ ቅርጹ ሌላ ሆነ። ገለጻውን ይዘው ያንኑ ሦስት ስፋት እንደገና ይለኩ። ልኩ ከተጻፈው ጋር አንድ ከሆነ ጥፋቱ የጨርቁ ነው፤ ገበር ወይም ከሥር የሚለበስ ጉርድ ያስተካክለዋል። ጠርዙ ከሰፋ በጎን ስፌቶቹ ማጥበብ ይቻላል። ጠርዙ ከጠበበ ግን በስፌቱ ውስጥ የቀረውን ትርፍ ጨርቅ ገልጠው ይዩ፤ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ካለ ሺዝን ኤ-ላይን ማድረግ አይሞከርም፤ በየጎኑ አዲስ ጨርቅ በሦስት ማዕዘን ማስገባት ነው ያለው። ስፌቱ ከወገብ ወደ ጡት ሥር ከወጣ ደግሞ ላዩ አጥሯልና ሌላ የላይ ክፍል መቁረጥ ግድ ነው፤ ለዚህም ያው ጨርቅ ከ50 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ መቅረቱን ሰፊውን አስቀድመው ይጠይቁ።